ዓይንና አፍ አለው፤ እጅ ግን የለውም

የዲቪ ማመልከቻ በሚሞላበት ሰሞን የአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ምን እንደሚመስሉ መንገር የአዋጁን በጆሮ ይሆናል። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ የሚሠራ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ ይታሰብ። ደንበኛዋ ቤቷ ሆና በስልክ የተነሳችውን ፎቶ ይዛ መጥታለች። ፎቶው መመሪያው በሚጠይቀው መሠረት 600 በ600 ፒክስል ሆኖ ተቆርጧል። ፊቷ ጥርት ብሎ ይታያል። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ ከግራ ጆሮዋ ጀርባ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ ጥላ አርፏል።

ልጁ እንደ ወትሮው ፎቶሾፕ ከመክፈት ይልቅ ፎቶውን ስልኩ ላይ ላለው የኤአይ ቻትቦት ይጭንለታል። ቻትቦቱ ያየውን ሲዘረዝር ያስደንቃል፤ የሸሚዟን አንገትጌ፣ የፀጉሯን አሠራር፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደመጣ፣ ጥላው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አንድም ሳያስቀር ይናገራል። ልጁ በዚህ ተማርኮ ጥላውን እንዲያጠፋለት ያዘዋል። ከዚህ በኋላ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ እንደማይችል ይገልጻል፤ ወይም ይባስ ብሎ ጥላው መጥፋቱን በትህትና ያበሥርና ምንም ፋይል ሳይሰጥ ያልፋል።

ይህን ሁሉ ያየ ነገር አንዲት ፒክስል መንካት እንዴት ያቅተዋል?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ከስልክ ስልክ ይዞራሉ። አንደኛው «ይችላል፣ ካልከፈልክ ግን ቆልፈውብሃል» ይላል። ሁለተኛው «ቴክኖሎጂው ገና ነው፣ ትንሽ ከታገሡት ይስተካከላል» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከስህተትም አልፎ አደገኛ ነው። ሁለቱም የሚነሱት ከአንድ የተሳሳተ ሐሳብ ነው፤ ፎቶውን የገለጸው ማሽን ፎቶውን በእጁ ይዞታል ከሚለው። አልያዘውም።

▪️ ምን ያያል?

የትላልቆቹ ኩባንያዎች ሞዴሎች ውስጣቸው በምስጢር የተያዘ ስለሆነ፣ አሠራሩ በአደባባይ የታተመውን አንዱን መመልከት ይሻላል። ላቫ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከአሜሪካው ዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲና ከማይክሮሶፍት የመጡ ተመራማሪዎች ያወጡት፣ ፎቶ ተመልክቶ በጽሑፍ የሚመልስ ሞዴል ነው። በዚያው ዓመት 1.5 የሚባለው እትሙ ተከተለ። የልጅቷ ፎቶ በዚህኛው እትም ውስጥ ቢያልፍ የሚከተለው ይሆናል።

600 በ600 ማለት 360,000 ነጥቦች ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥሮች ይዟል፤ የቀዩ፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ቀለም መጠን። ሞዴሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ፎቶውን ወደ 336 በ336 ማሳነስ ነው። የሚተርፉት ነጥቦች 112,896 ናቸው። ማየት ገና ሳይጀመር ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው የፎቶው ነጥብ ቀርቷል ማለት ነው።

ከዚያ የቀረው ፎቶ በቁመትም በጎንም 14 ነጥብ በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፈላል። በአግድም 24፣ በቁልቁል 24፣ በጠቅላላው 576 ካሬዎች ይሆናሉ። እነዚህ ካሬዎች ክሊፕ በሚባል ሌላ ሞዴል ውስጥ ያልፋሉ። ክሊፕ የላቫ ዓይን ነው። እያንዳንዱ ካሬ በክሊፕ ገብቶ ሲወጣ ረጅም የቁጥር ሰልፍ ሆኖ ይወጣል፤ ወደ ቋንቋው ክፍል የሚሻገረውም ይኸው የቁጥር ሰልፍ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። እነዚህ አዳዲስ ቁጥሮች የቀለም ቁጥሮች አይደሉም። ክሊፕን ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያወጣው ያሠለጠነው ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ 400 ሚሊዮን ጥንዶች ነበር፤ አንድ ፎቶ፣ ከእሱ ጋር አንድ ጽሑፍ። የተሰጠው ፈተናም አንድ ነበር፤ ይህ ፎቶ ከየትኛው ጽሑፍ ጋር ይሄዳል? ለዚህ ፈተና የግድግዳው አንድ ነጥብ 241 ይሁን 243 አይረባም። ግድግዳው ነጭ መሆኑና ጥላ ያረፈበት መሆኑ ግን ይረባል። ስለዚህ ዓይኑ ትርጉሙን መያዝ፣ ነጥቡን መተው ለመደ። ፎቶውን መልሰህ ሥራው ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ከሠርግ የተመለሰች ጎረቤትን ያስታውሷል። የሙሽራዋን ቀሚስ ከአንገቱ ጥልፍ እስከ ዘርፉ ድረስ ስታወራ ሰሚው ያየው ያህል ይሰማዋል። ቀሚሱን ግን ይዛው አልመጣችም። ቀሚሱን እንድታሳጥርላቸው መርፌና ክር የሚያቀብሏት ቢኖሩ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

▪️ ምን ያወጣል?

የገባው ይህ ከሆነ፣ የሚወጣውስ? የላቫ የቋንቋ ክፍል በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ምርጫ ብቻ ያደርጋል። ከፊቱ 32,000 ያህል የቃል ቁራጮች አሉ፤ ፊደላት፣ ክፍለ ቃላት፣ ሙሉ ቃላት፣ ሥርዓተ ነጥቦች። ከእነዚህ አንዱን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ ቀጥሎ ሌላውን፤ ዓረፍተ ነገሩ እስኪሞላ። የሞዴሉ ደጃፍ ይኸው ነው፤ ሌላ መውጫ የለውም። ከ32,000ዎቹ መካከል ፎቶው ላይ የሚያርፍ አንድም ቁራጭ የለም። ከላይ በ180ኛው መስመር፣ ከግራ በ412ኛው ቦታ ያለው ነጥብ ይንጣ ብሎ መጻፍ ይችላል። ግን ይህም ጽሑፍ ነው። አንብቦ የሚፈጽመው ከሌለ ፎቶው እንዳለ ይቀመጣል።

እርግጥ የሚፈጽመው የሚገኝበት ጊዜ አለ። አንዳንድ አገልግሎቶች ቻትቦቱ የጻፈውን የኮምፒውተር ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬድ ሌላ ፕሮግራም አጠገቡ ያስቀምጣሉ። ያን ጊዜ ፎቶው በእውነት ይቆረጣል፣ ይሽከረከራል፣ ብርሃኑ ይጨመራል። ነጥቦቹን የነካው ግን ያ ፕሮግራም ነው፤ ፎቶ ሳይገባው ቁጥር የሚቀይር፣ ለዓመታት የኖረ ተራ መሣሪያ። ቻትቦቱ አዛዥ እንጂ ሠራተኛ አይደለም። መሣሪያው ካልተያያዘለት ደግሞ አዛዥነቱ ባዶ ነው።

«ቆልፈውብሃል» የሚለው ወሬ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ፎቶ ለማስተካከል ክፍያ የሚጠይቁ ኩባንያዎች መኖራቸው እውነት ነው። የሚሸጡት ግን ሌላ ሞዴል ወይም ሌላ መሣሪያ ነው። የሚያነበው ሞዴል ራሱ የተቆለፈ እጅ የለውም፤ ከመጀመሪያውም እጅ አልተሠራለትም።

ጥላው ጠፋ የሚለው የሐሰት ብሥራትስ ከየት መጣ? ከዚያው ከደጃፉ። ሞዴሉ የሠለጠነው ሰዎች በጻፉት ጽሑፍ ነው። በሰዎች ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ እባክህ ይህን አስተካክልልኝ ከሚል ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ተስተካክሏል የሚል መልስ ነው። ሞዴሉ ለቦታው የሚስማማውን ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ሥራው መሠራት አለመሠራቱን የሚያይበት መንገድ አልነበረውም። ያየው የገባውን ፎቶ ነው፤ የወጣ ፎቶ የለም።

▪️ ንባቡን ወደ ኋላ ቢመልሱትስ?

አንድ ተከራካሪ እንዲህ ሊል ይችላል፦ ፎቶው ወደ ቁጥር ከተለወጠ፣ ቁጥሩን መልሶ ወደ ፎቶ መለወጥ ለምን አይቻልም? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ተሞክሯልም። ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ዳል-ኢ 2 ከክሊፕ ንባብ ተነስቶ ሥዕል የሚሠራ ነበር። የአንድ ፎቶ ንባብ ሲሰጠው መልሶ የሚያወጣው ያንኑ ፎቶ አልነበረም፤ የፎቶውን አምሳያዎች ነበር። ጉዳዩ ያው ነው፣ አኳኋኑ ያው ነው፣ ዝርዝሩ ግን ሌላ። ነጭ ግድግዳ ፊት የተቀመጠች ሸሚዝ የለበሰች ወጣት ሴት ትገባለች፤ ነጭ ግድግዳ ፊት የተቀመጠች ሸሚዝ የለበሰች ሌላ ወጣት ሴት ትወጣለች። ለፖስተር ይህ ይበቃል። ለዲቪ ግን ሌላ ሰው ማመልከት ይሆናል።

በ2023 መገባደጃ ላይ ደግሞ ሌላ መንገድ መጣ። ቻትጂፒቲ ፎቶ ማየት ጀመረ፤ ዳል-ኢ 3 የተባለው ሠዓሊም እዚያው ተጨመረለት። ለተጠቃሚው አንድ ማሽን መሰለው። ውስጡ ግን ቅብብሎሽ ነበር፤ አንባቢው ያየውን በቃላት ይጽፋል፣ ሠዓሊው ጽሑፉን አንብቦ ከባዶ ይሥላል። የተጫነው ፎቶ ሠዓሊው ዘንድ አልደረሰም። ሰዎች የራሳቸውን ፎቶ ሰጥተው የማያውቁትን ሰው ሥዕል የተቀበሉበት ምክንያት ይኸው ነበር።

▪️ እጅ ሲበቅልለት

«ትንሽ ከታገሡት ይስተካከላል» የሚሉት እዚህ ላይ ደስ ይላቸዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ኦፕንኤአይ ቻትጂፒቲ ራሱ ሥዕል እንዲያወጣ አደረገ፤ ተፎካካሪዎቹም በየፊናቸው ተመሳሳይ አገልግሎት አቀረቡ። አሁን ጥላውን አጥፋ ሲባል ጥላ የሌለበት ፎቶ ይመጣል። እንግዲህ ችግሩ ተፈታ?

አልተፈታም። ማረም ማለት ምን እንደሆነ ፎቶ አንሺው ያውቃል። ፎቶሾፕ ውስጥ ጥላው ያረፈበትን ቦታ ይመርጣል፣ የዚያን ቦታ ነጥቦች ያነጣል፣ ያስቀምጣል። ፊቷን አልነካም፤ ከፊቷ ነጥቦች አንዲቷም አልተለወጠችም። አዲሶቹ ሞዴሎች የሚሠሩት እንዲህ አይደለም። ፎቶውን አይተው ሙሉውን እንደገና ይሥሉታል። ጥላ የሌለበት ግድግዳ ይሥላሉ፣ ከፊቱም የልጅቷን ፊት የሚመስል ፊት ይሥላሉ።

በአደባባይ ከሚታወቀው ስቴብል ዲፊውዥን የመጀመሪያ እትም ምክንያቱ በግልጽ ይታያል። 512 በ512 የሆነ ፎቶ 786,432 ቁጥሮች አሉት። ሞዴሉ ይህን ወደ 16,384 ቁጥሮች ጨምቆ ይሠራበታል፤ 48 ቁጥር ወደ አንድ ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ጭማቂው ተመልሶ ወደ ፎቶ ይዘረጋል። ሲዘረጋ የተጣለው ዝርዝር በግምት ይሞላል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ያማረ ነው፤ ቆዳው ይለሰልሳል፣ ዓይኑ ይጠራል። ቅንድብ ላይ ያለች ትንሽ ጠባሳ ወይም ጉንጭ ላይ ያለች ማርያም የሳመችው ነጥብ ግን ልትጠፋ፣ ቦታ ልትቀይር ትችላለች። ኦፕንኤአይ ራሱ የ2025ቱን አገልግሎት ሲያስተዋውቅ፣ የሥዕልን አንድ ክፍል ለመቀየር ሲሞከር ያልተጠየቀ ሌላ ክፍልም ሊለወጥ እንደሚችል ከጉድለቶቹ መካከል ዘርዝሮ ነበር። ማስጠንቀቂያው ተጽፏል፤ ከስንት ሰው አንዱ አነበበው?

ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 አሜሪካ ዩታ ውስጥ ቻርሊ ከርክ ሲገደል ኤፍቢአይ የተጠርጣሪውን ደብዛዛ ፎቶዎች ለቀቀ። ወዲያው ሰዎች ፎቶዎቹን በኤአይ «አጥርተው» ማሰራጨት ጀመሩ። የጠራ ነገር ግን አልነበረም። በደብዛዛው ፎቶ ውስጥ የሌለውን የፊት ዝርዝር ማሽኑ ከየት ያመጣዋል? ከግምት ነው። የተሠራጩት ፊቶች እርስ በርሳቸው እንኳ አይመሳሰሉም ነበር። ሰው በሚፈለግበት ሰዓት፣ የሌለ ሰው ፊት በእጅ በእጅ ዞረ። በፎቶ ሰው የሚወነጀልበትና በፌስቡክ ፍርድ የሚሰጥበት አገር ይህን ለመረዳት ብዙ ማሰብ አይጠበቅበትም።

ስለዚህ እጅ የሌለው ማሽን እንደማይችል ሲገልጽ ማፈር የለበትም፤ ታማኝነቱ ነው። መፈራት ያለበት እንደገና ሥሎ «አስተካከልኩ» የሚባልለት ነው።

▪️ ተጠያቂው ማን ነው?

«ተራው ተጠቃሚ ይህን ሁሉ ምን ያደርግለታል? መኪና የሚነዳ ሁሉ ሞተር አይፈታም» የሚል መከራከሪያ አለ። ትክክል ነው፤ ማንም ስለ 576ቱ ካሬዎች እንዲያውቅ አይገደድም። ነገር ግን መኪና የሚነዳ ሰው ፍሬን መኖር አለመኖሩን የማወቅ መብት አለው። ፎቶ መጫኛዋ ትንሽ ምልክት ግን በሚያነብ ብቻ አገልግሎት ላይም፣ በሚያርም ላይም፣ እንደገና በሚሥል ላይም አንድ ዓይነት ናት። ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ በር ይገባሉ፤ በሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ይህ የቴክኖሎጂ ገደብ አይደለም፤ የሻጭ ምርጫ ነው። ገዢው ማሽኑ ሁሉን የሚችል ቢመስለው የሚጠቀመው ሻጩ ነው።

የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ፎቶ ከመጫኑ በፊት አገልግሎቱ ምን መልሶ እንደሚሰጥ በአንድ መስመር ይጻፍ፤ ጽሑፍ ነው ወይስ ፎቶ። ፋይል ሳይወጣ ሥራው አለቀ የሚል መልስ ለተጠቃሚው አይድረስ። ፋይል ወጥቶ አልወጣም ማረጋገጥ ለሶፍትዌር ቀላል ነገር ነው፤ ያልተደረገው ስላልተቻለ ሳይሆን ግድ ስላልተባለ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ፎቶው እንደገና የተሣለ ከሆነ «ተስተካክሏል» አይባል፤ «ተሥሏል» ይባል። በአማርኛ ሁለቱ ቃላት የተለያዩ ናቸው፤ በየትኛውም ቋንቋ ይለያያሉ።

ያ እስኪሆን ድረስ አንባቢ ራሱን በቀላሉ መጠበቅ ይችላል። መጀመሪያ፣ ሥራው አለቀ ሲባል የሚወርድ ፋይል መኖሩን ይይ። ፋይል ከሌለ ሥራም የለም። ቀጥሎ የፋይሉን ስፋት ይመልከት፤ 600 በ600 የገባ ሌላ ልክ ሆኖ ከተመለሰ ሥዕል ሳይሆን አይቀርም። በመጨረሻም ሁለቱን ፎቶዎች ስልኩ ላይ አከታትሎ ከፍቶ ወዲያና ወዲህ ያንሸራት፤ ሲያንሸራትት ያልታዘዘውን ቦታ ይመልከት፤ የጆሮውን ቅርጽ፣ የፀጉሩን መነሻ፣ ልብሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ። ጥላው ከግድግዳው ሲጠፋ ጆሮው አብሮ ከተንቀሳቀሰ፣ የታረመ ፎቶ አልተሰጠውም፤ የሚመስለው ሰው ነው የተሰጠው።

ወደ ፎቶ ቤቱ ይመለስና፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቪዛ ፎቶ መመሪያ የአመልካቹን መልክ በሚቀይር መንገድ በዲጂታል የተነካካ ፎቶ አይቀበልም። እንደገና በተሣለ ፊት ያመለከተች ልጅ ዕድሉ ቢደርሳት እንኳ ቃለ መጠይቅ ላይ የምትቀርበው በራሷ ፊት ነው። ያን ቀን የቻትቦቱ ትህትና አብሯት አይቆምም። ልጁ ግን የሚያውቀው ቀላል መድኃኒት አለ። ጥላው የመጣው ግድግዳው ላይ ተጠግታ ስለተነሳች ነው። ወንበሩን ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሳበው፣ ያስቀምጣት፣ እንደገና ያንሳት።